ካናዳ ሄዶ ለመሥራት፦ ስለ ኤልኤምአይኤ የሚወራውና እውነታው

«ቀጣሪው ከፈለገኝ አለቀ፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ከዚህ ነፃ የሆኑ ቅጥሮች ቢኖሩም፣ ቀጣሪው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ሰርቪስ ካናዳ ከሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኤልኤምአይኤ የሚባለውን፣ ከውጭ ሰው ለመቅጠር የሚያስፈልገውን ውሳኔ ማግኘት አለበት። እዚያ የሚጠየቀው በዋናነት ስለ አንተ አይደለም። «ለዚህ ሥራ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ፈልገህ አጥተሃል? ከውጭ ብትቀጥርስ ያገሩን ሠራተኛ አይጎዳም?» ነው የሚባለው።

«ቀጣሪው የሚያወጣው የሥራ ማስታወቂያ እኮ ለይስሙላ ነው፤ ሰውየው ቀድሞ ተመርጧል።»

ለይስሙላ የሚለጥፉ ሞልተዋል። ብዙዎቹ የሚወድቁትም እዚሁ ላይ ነው።

አንድ ጋራዥ የከባድ መኪና መካኒክ ፈለገ እንበል። ደመወዙ «ከፍተኛ» በሚባለው ምድብ ውስጥ ከሆነ፣ ከማመልከቱ በፊት ባሉት 3 ወራት ውስጥ ቢያንስ ለ4 ሳምንት ማስታወቅ አለበት። አንዱ ቦታ ጆብ ባንክ የሚባለው የመንግሥት የሥራ ድረ ገጽ ነው። ሌላ ሁለት መንገድ ይጨምራል፤ ከነዚህ አንዱ አገር አቀፍ ሽፋን ያለው መሆን አለበት።

ቀጥሎ ደመወዙ ይታያል። በአካባቢው የሙያው መካከለኛ ክፍያ በሰዓት 38 ዶላር ሆኖ ሳለ ጋራዡ 31 ብሎ ከለጠፈ፣ «ሰው አጣሁ» ቢል ማን ያምነዋል? ሥራው ሳያስፈልገው ከእንግሊዝኛና ከፈረንሳይኛ ውጭ ሌላ ቋንቋ መጠየቁም ያስጠረጥረዋል።

አሁን 9 ሰው አመለከተ እንበል። ያገሩ ሰዎች ለምን እንዳልተቀጠሩ ማስረዳት አለበት። ሰባቱ የሙያ ፈቃድ የላቸውም፤ ይሁን። ሁለቱ ግን ብቁ ናቸው፣ ስልክ እንኳ አልተደወለላቸውም። ፋይሉን የሚገድለው ይሄ ነው።

«ወጪውን ተካፍለን ነው የምንጨርሰው።»

ይህን የሚልህን ቀጣሪ ተጠንቀቀው። የማመልከቻው ክፍያ ለአንድ የሥራ ቦታ 1,000 የካናዳ ዶላር ነው፤ የሚከፍለው ቀጣሪው ራሱ ነው። ቆይቶ ከደመወዝህ ሊቆርጠውም አይችልም። ያንተ ድርሻ ለሥራ ፈቃዱ 155፣ ለአሻራና ለፎቶ 85 ዶላር ነው።

«ኤልኤምአይኤው ወጥቷል፣ ቪዛው በእጄ ነው።»

ገና ነህ። ወረቀቱ የቀጣሪው ነው። የሥራ ፈቃዱን የሚወስነው ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ኢሚግሬሽኑ ነው። እዚያ ጥያቄው ወዳንተ ይዞራል፤ ሥራውን በእርግጥ ትችላለህ ወይ? ጋራዡ 3 ዓመት ልምድ ብሎ ለጥፎ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤህ 1 ዓመት ከ4 ወር የሚል ከሆነ በዚያው ትቀራለህ። ጊዜም አይጠብቅህም፤ ከ2024 ወዲህ ኤልኤምአይኤው ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው እስከ 6 ወር ብቻ ነው።

ፈቃዱ ከተሰጠህም በኋላ የሚያሠራህ ስሙ እላዩ ላይ ለተጻፈው ቀጣሪ ብቻ ነው። ጎረቤት ያለው ጋራዥ በሰዓት 3 ዶላር ጨምሮ ቢጠራህ፣ ዘለህ መግባት የለም። እሱም ማስታወቂያውን ከመለጠፍ ይጀምራል።