ጥፍርህ ጠቁሮ «ቁጥር ጨምርልኝ» ለምትለኝ

«ጥፍሬ ጠቆረ። ጫማው ጠቦኛል ማለት ነው፤ አንድ ቁጥር ጨምርልኝ።»

ደብረ ማርቆስ ላይ ለሯጮች ጫማ እሸጣለሁ። ይህን ሳልሰማ የሚመሽ ቅዳሜ የለም። በተለይ ከደጀን ወደ ዓባይ በእግር መንገዱ እየሮጠ የወረደ ሰው ጥፍሩን ሊያሳየኝ ይመጣል። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በየእርምጃው እግር ጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ጣትም የጫማውን አፍንጫ ይመታል። አንዴ ቢመታ ችግር የለውም። ሲደጋገም ግን ጥፍሩ ሥር ደም ይቋጥራል፤ ጥቁር ሆኖ የሚታየው እሱ ነው።

ታዲያ እግሩ ለምን ተንሸራተተ? ጫማው አጥሮም ሊሆን ይችላል። እኔ ጋ የሚመጣው አብዛኛው ሰው ችግሩ ግን ሌላ ነው፤ ተረከዙን የያዘው ነገር የለም። ለእንዲህ ያለ እግር ቁጥር መጨመር መንደርደሪያ መስጠት ነው። በአውሮፓ ቁጥር አንድ ቁጥር ወደ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያን ያህል ተጨማሪ ቦታ ያገኘ እግር ፍጥነት ጨምሮ ነው አፍንጫውን የሚመታው።

አንድ ደንበኛዬ 42 ያደርግ ነበር። ሁለቱም አውራ ጣቶቹ ጠቆሩ። ሌላ ቦታ ሄዶ 43 ገዛ፤ አሁንም ጠቆሩ። ከዚያ 44 ገዝቶ ካልሲ ደረበ። ይባስ ብሎ ተረከዙ ውኃ ቋጠረ። ተረከዝ ሲላጥና ጣት ሲጠቁር አብረው ከታዩ እግሩ እየዋኘ ነው፤ ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የ42ቱን ጫማ አምጣ አልኩት። ውስጠኛውን ሶል አውጥቼ በባዶ እግሩ አቆምኩት። ከረጅሙ ጣቱ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ተርፎታል። ልኩ ነው! የላይኛዋ የክር ቀዳዳ ግን በሁለቱም በኩል ባዶ ነበረች።

ያቺ ቀዳዳ ለጌጥ አይደለችም። ክሩን በዚያው ጎን ወደ ላይኛዋ ቀዳዳ አስገባና ትንሽ ቀለበት ተው። በሌላውም ጎን እንዲሁ። ከዚያ የቀኙን ክር በግራው ቀለበት፣ የግራውን በቀኙ አሳልፍ። ወደ ታች ሳብና እሰር። ተረከዝህ ወደ ኋላ ተጣብቆ ይቀመጣል። ጣቶችህ አጠገብ ያለውን ክር ግን አታጥብቅ። ልጁ በዚያው 42 ዓባይን ወረደ፤ አዲስ ጥቁረት አልመጣም። አሮጌው እስኪያድግ ግን ይታገሣል፤ የአውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል።

ስትገዛ ከሰዓት በኋላ ና፤ እግር ውሎ ያብጣል። የምትሮጥበትን ካልሲ ይዘህ ና። እንደነገርኩህ እሰርና የጫማውን አፍንጫ ወለሉ ላይ ጠበቅ አድርገህ ምታ። ጣትህ ካልነካ ደህና ነው። እንዲህ ታስሮም ከነካ፣ አዎ፣ ያኔ አጥሮሃል፤ ቁጥር እጨምርልሃለሁ። የጠቆረው ትንሿ ጣት ብቻ ከሆነች ጥያቄው የርዝመት ሳይሆን የስፋት ነው፤ ፊቱ ሰፋ ያለ ሞዴል ፈልግ። ጥፍርህንም ቁረጥ እንጂ ወንድሜ! ጥፍሩ ሥር አላስቀምጥ የሚል ሕመም ካለ ደግሞ መርፌ አግለህ አትብሳው፤ ጤና ጣቢያ ሂድ።

«የሶሉ ጥርስ በረዘመ ቁጥር ይሻላል።»

ለየትኛው መሬት? ክረምት ላይ ለሚንሸራተት ጭቃ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ጥርስ ጥሩ ነው፤ ጥርሶቹም ተራራቅ ያሉ ይሁኑ፣ አለዚያ ጭቃው መሃላቸው ይሞላና ሶሉ ልሙጥ ይሆናል። የቢቸና ዋልካ ከተጣበቀ ግን የትኛውም ጥርስ አያራግፈውም፤ ቆመህ በእንጨት ትፍቃለህ። በጋ ላይ በደረቅ ጠጠርና በድንጋይ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ረጅም ጥርስ ድንጋይ ላይ ይወላገዳል፣ ቶሎም ይበላል።

«ሶሉ ውስጥ ሳህን ያለው ጫማ ጣት ያድናል።»

አያድንም። ሳህኑ ከሶሉ በላይ የተቀበረ ስስ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ አንዳንዱ ካርቦን ነው። ሥራው የጮቄ ሹል ድንጋይ የውስጥ እግርህን እንዳይወጋው ጫናውን መበተን ነው። ከድንጋይ ጋር ስትጋጭ ጣትህን የሚጠብቀው አፍንጫው ላይ ያለው ጠንካራ ጎማ ነው። እሱም ቢሆን ከውስጥ የሚመጣውን ግጭት አያቆምም። ሳህን ያለው ጫማ ደረቅ ይላል፤ መሬቱ እምብዛም አይሰማህም። ስፖንጁ ወፍራም ከሆነ ላያስፈልግህም ይችላል። ለመለየት ከሥር በኩል የሶሉን ፊት በአውራ ጣትህ ጫን፤ ግፊቱ ውስጥ ባስገባኸው በሌላው እጅህ ላይ ነጥብ ሆኖ ከተሰማህ ሳህን የለውም።