የዳሽቦርድ ስናፕሾት ምንድን ነው? ቁጥሩ የተሳሳተበትን ቀን እንዴት እናገኘዋለን?

ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ የዱቄት መጋዘን ነው ነገሩ የገጠመን። የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ዳሽቦርዱ፣ ማለትም የመጋዘኑን ክምችት ስክሪን ላይ የሚያሳየው ገጽ፣ 1,842 ኩንታል አለ ይላል። ስቶር ኪፐሯ ቆጥራ ያገኘችው ግን 1,437 ነው። ልዩነቱ 405 ኩንታል ነው፤ ከነተሳቢው አንድ የጭነት መኪና የሚሞላ ዱቄት ማለት ነው። ወዲያው ሰው ሰውን መጠርጠር ጀመረ። ልጅቷ አለቀሰች።

ያዳነን ስናፕሾት ነው። ስናፕሾት ማለት ዳሽቦርዱ የሚያነበውን ዳታ በየቀኑ ቀድቶ፣ ቀኑን ስሙ ላይ ጽፎ፣ ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይነካው አድርጎ ማስቀመጥ ነው። የስክሪን ፎቶ አይደለም። ፎቶው ድምሩን ብቻ ነው የሚያሳያችሁ፣ ድምሩ ደግሞ የተሳሳተው የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ አይነግራችሁም። የሚቀመጠው እያንዳንዱ የገቢና የወጪ መስመር ነው። እኛ ጋ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ማታ 5 ሰዓት ላይ እንዲህ የሚል ፋይል ያስቀምጣል፦

```
stock_2025-02-17.csv
```

ይሄ የካቲት 10 ነው። ደረሰኙ በኛ አቆጣጠር ይጻፋል፣ የፋይሉን ስም ግን ኮምፒውተሩ ራሱ ስለሚሰጠው በፈረንጆቹ ተውነው። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብሎ መጻፉ ፋይሎቹን በራሳቸው በተራ ያሰልፋቸዋል። ሁለቱን አቆጣጠር ፋይል ስም ላይ መቀላቀል ግን መዓት ያመጣል፣ እሱን አታድርጉ።

እሺ፣ 15 ፋይል አለ፤ ስህተቱ የቱ ጋ ገባ? የየካቲት ቁጥር በየቀኑ ስለሚቀያየር እሱን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም። እኛ ያየነው የጥርን ጠቅላላ ገቢ ነው። ጥር ተዘግቷል፣ ስለዚህ በየትኛውም ፋይል ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የየካቲት 1 ፋይል 3,120 ይላል፣ የ15ቱ 3,525። ይኸው 405! የተዘጋ ወር ተነክቷል ማለት ነው። መቼ የሚለውን ለማወቅ መሃሉን መክፈት ነው። የ8ቱ ደህና ነው። የ12ቱ ተበላሽቷል። የ10ሩ ደህና፣ የ11ዱ የተበላሸ። አራት ፋይል ብቻ ከፍተን ቀኑን ያዝነው። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስተያየት ነው፦

```
diff stock_2025-02-17.csv stock_2025-02-18.csv
```

በ11 ቀን የተመዘገቡት አዲስ መስመሮች `>` ምልክት ይዘው ይመጣሉ፣ እነሱ የሚጠበቁ ናቸው። የሚፈለገው ጥንድ ሆኖ የሚመጣው ነው፣ ማለትም ቀድሞ የነበረ መስመር ተቀይሮ ሲገኝ፦

```
< 0412,2017-05-19,ገቢ,45
---
> 0412,2017-05-19,ገቢ,450
```

ደረሰኝ ቁጥር 0412፣ ጥር 19። ወረቀቱን ከፋይል አውጥተን አየነው፣ 45 ኩንታል ነው። የሆነ ሰው ሌላ ነገር ሊያስተካክል ገብቶ አንድ ዜሮ ጨምሯል። ዱቄት አልጠፋም፣ ማንም አልሰረቀም። (ይህ ማስተያየት የሚሠራው መስመሮቹ ሁልጊዜ በደረሰኝ ቁጥር ከተደረደሩ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተለዋወጠ ሁሉም ነገር የተቀየረ ይመስላል።)

አሁን መመለሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ የ10ሩን ፋይል አምጥቶ ዛሬ ባለው ላይ ይጭነዋል። ቁጥሩ ይስተካከላል፣ ግን ከ11 እስከ 15 የገባውና የወጣው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። እኛ ዳሽቦርዱን ለጊዜው የ10ሩን ፋይል እንዲያነብ አድርገን፣ ከላይ «እስከ የካቲት 10 ያለ» ብለን ጻፍንበት፣ ምክንያቱም ደሴ ቢሯችን ያሉት ልጆች ቁጥሩን እያዩ ነው መኪና የሚልኩት። ከዚያ ዋናው መዝገብ ላይ ያቺን አንድ መስመር ወደ 45 መልሰን ዳሽቦርዱን ወደ ዛሬው ዳታ አዞርነው። 1,437 አለ።

ከ11 እስከ 15 ያሉትን የተሳሳቱ ስናፕሾቶች ግን አላረምናቸውም። ደሴ ያለው ሰው በ13 ቀን ቁጥሩን አምኖ ለደንበኛ ቃል ገብቶ ከነበረ፣ ያየው ቁጥር ምን እንደነበር ማሳየት የሚችለው ያ የተሳሳተ ፋይል ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ሲሄድ ፋይሉ ግማሹ ላይ ሊቆረጥ ይችላል፣ ስሙና ቀኑ ግን ትክክል ይመስላል። ስለዚህ ኮፒው መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጻፍ፣ የመስመሩ ብዛት ከዋናው ጋር እኩል መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ የቀኑን ስም ያግኝ። ቦታ ይጨርሳል ብላችሁ አትስጉ፤ የኛ አንዱ ፋይል 2 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ የዓመቱ ቢደመር 730 ሜጋባይት። ፍላሽ ላይ ይገባል። ግን እዛው ኮምፒውተር ላይ ብቻ አትተዉት፣ እኛ አንዱን ቅጂ ደሴ ቢሮ ነው የምናስቀምጠው።