ቤተሰቡን በሞት ላጣ ተመልካች የሚጻፍ የቪዲዮ ስክሪፕት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንዲት ተመልካች እናስብ። እናቷ ከሞተች አራት ወሯ ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲላት እኩለ ሌሊት ላይ ስልኳን ትነካካለች፤ የአምስት ደቂቃ የማጽናኛ ቪዲዮ ታገኛለች። የእኛን ስክሪፕት የምትሰማው እሷ ናት። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች ደጋግመው የሚሉትን በእሷ ጆሮ እንስማው።

«ሐዘን አምስት ደረጃዎች አሉት። ስክሪፕቱም ከመካድ ተነስቶ መቀበል ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነው።»

ለጸሐፊ በጣም የሚመች ነገር ነው፤ መነሻም መድረሻም የተዘጋጀለት። ችግሩ ደረጃዎቹ ከየት እንደመጡ መረሳቱ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኤልሳቤጥ ኩብለር-ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጽፉ በዋናነት ያነጋገሩት የራሳቸው ሞት የተቃረበባቸውን ሕሙማን ነበር። በሕይወት ስለቀረው ቤተሰብ የተሠራ ቅደም ተከተል አይደለም። በኋላም ቢሆን ሐዘንተኞች ሁሉ በዚያው መስመር እንደሚያልፉ አልተረጋገጠም።

ያቺ ልጅ «በዚህ ጊዜ ቁጣው ይበርዳል» የሚል ነገር ብትሰማ፣ እሷ ደግሞ ገና ትናንት ከወንድሟ ጋር ተጣልታ ከሆነ፣ የምትደርስበት ድምዳሜ አንድ ነው፦ «እኔ ጤነኛ አይደለሁም።» ልናጽናናት መጥተን ሌላ ጭንቀት ጨመርንባት ማለት ነው።

ለስክሪፕት የበለጠ የሚጠቅመው የሐዘን ተመራማሪዎቹ ማርጋሬት ስትሮብ እና ሄንክ ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ሐዘንተኛ በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል ይላሉ። አንዴ ወደ ናፍቆቱና ወደ እንባው፣ አንዴ ደግሞ ወደ ሥራው፣ ወደ ሂሳቡ፣ ወደ አዲሱ ኑሮው። መመላለሱ ራሱ ጤናማ ነው። በትረካ ቋንቋ ስናስቀምጠው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ቀን ላይ ከጓደኛ ጋር ስቃችሁ ማታ ልታለቅሱ ትችላላችሁ። መሳቃችሁ እሷን መርሳት አይደለም። ማልቀሳችሁም ወደ ኋላ መመለስ አይደለም።»

«የሚያጽናና ቃል ይብዛበት። በርቱ፣ ጊዜ ሁሉን ይሽራል፣ ቢያንስ ከሥቃይ አረፈች።»

ሦስቱንም በየተራ ብንመረምራቸው ሐዘንተኛው ዝም እንዲል የሚጠይቁ ሆነው እናገኛቸዋለን። «በርቱ» ሲባል እንባውን ይደብቃል። «ጊዜ ይሽራል» የነገን ነገር ነው የሚያወራው፤ እሷ ግን ዛሬ ሌሊቱን እንዴት እንደምታነጋው ነው የጨነቃት። «ቢያንስ» ብሎ የሚጀምር አረፍተ ነገር ደግሞ፣ በእኔ እምነት፣ ከስክሪፕቱ ያለ ምንም ክርክር መውጣት አለበት። እሷ ራሷ «እንኳን አረፈች» ብትል የራሷ ጉዳይ ነው። ከማያውቃት ተራኪ አፍ ሲወጣ ግን የደረሰባትን ማሳነስ ይሆናል።

ታዲያ ምን ይተካቸው? ዝርዝር ነገር። የመጀመሪያው ረቂቅ «ከባድ ጊዜ ላይ እንዳላችሁ እንረዳለን፤ ግን ጠንካራ ሁኑ» ይል ነበር እንበል። እንዲህ ሊስተካከል ይችላል፦

«አንድ ነገር ልትነግሯት ስልክ አንስታችሁ፣ ከዚያ ትዝ ብሏችሁ ይሆናል። (ዝምታ፣ 4 ሰከንድ) ምግቡ አልበላ፣ እንቅልፉ አልመጣ፣ ያነበባችሁት ገጽ አልገባችሁ ይሆናል። ሐዘን ሰውነት ውስጥም ይገባል። (ዝምታ፣ 3 ሰከንድ) ዛሬ ማታ ምንም ነገር ማስተካከል የለባችሁም።»

ዝምታው ስክሪፕቱ ላይ በሰከንድ ይጻፍ። ካልተጻፈ ተራኪው ይሮጣል፣ አርታኢው ደግሞ ክፍተት መስሎት ይቆርጠዋል። ርዝመቱን ለማወቅም ቃል ከመቁጠር ይልቅ፣ ከነዝምታው ጮክ ብሎ እያነበቡ በሰዓት መለካት ይሻላል። አምስት ደቂቃ ውስጥ የሚገባው ጽሑፍ ጸሐፊው ካሰበው በጣም ያነሰ ነው።

ጸጸት የራሱ ቦታ ያስፈልገዋል። «ቶሎ ሐኪም ጋር ብወስዳት ኖሮ» የማይል ሐዘንተኛ ጥቂት ነው። ብዙ ስክሪፕቶች «ጥፋቱ የእናንተ አይደለም» ብለው ያልፉታል። ተራኪው የሆነውን ስለማያውቅ ተመልካቿም አታምነውም። «ዛሬ የምታውቁትን ያኔ አታውቁትም ነበር» ማለት ይሻላል። ይህኛውን ራሷ መለስ ብላ ልታረጋግጠው ትችላለች።

«የሟቹን ነገር ማንሳት ቁስል መቀስቀስ ነው። ስለ ወደፊቱ ብቻ እናውራ።»

ቁስሉ መች ተረሳና ይቀሰቀሳል! ድሮ ብዙ ባለሙያዎችም ሐዘን የሚያልቀው ከሟቹ ጋር ያለው ትስስር ሲቆረጥ ነው ብለው ያስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ተመራማሪው ዴኒስ ክላስና ባልደረቦቹ ይህን ተቃወሙ፤ ብዙ ሰዎች ትስስሩን መልኩን ለውጠው ይዘውት ይኖራሉ አሉ። ስለዚህ ስክሪፕቱ በር ይክፈት፦ «ስሟን ጮክ ብላችሁ ጥሩ። ትወደው የነበረውን ነገር ለአንድ ሰው አውሩ። ፎቶዋን ዛሬ ማየት ካልቻላችሁ ደግሞ ይቆይ።» የመጨረሻው አረፍተ ነገር እንዳይቀር። ያለ እሱ ግብዣው ትእዛዝ ይመስላል።

ሰዎች በሹክሹክታ እንኳ የማያወሩት አንድ ነገር አለ፦ የሟቹን ድምፅ መስማት ወይም አጠገባቸው ያለ መስሎ መሰማት። እ.ኤ.አ. በ1971 የዌልሱ ሐኪም ዲዊ ሪስ የትዳር አጋራቸው የሞተባቸውን 293 ሰዎች አነጋግረው፣ ግማሽ የሚጠጉት እንዲህ ያለ ነገር እንደገጠማቸው አረጋግጠዋል። ቁጥሩ ስክሪፕቱ ውስጥ አይግባ። «ድምፅዋን የሰማችሁ መስሏችሁ ከሆነ፣ በብዙ ሐዘንተኞች ላይ የሚደርስ ነገር ነው» ማለት ይበቃል። አብዳለሁ ብላ ፈርታ ለነበረች ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

«ልብ የሚነካ ሙዚቃ ካለ ግማሹ ሥራ አለቀ።»

እየጎላ የሚሄድ ሙዚቃ ተመልካቹን አሁን አልቅስ እያለ ይጎተጉታል። ዝግ ያለና የማይለዋወጥ ድምፅ ይሁን፤ በዝምታው ጊዜም ከፍ አይበል።

«ስለ ባለሙያ እርዳታ ማንሳት ያስደነግጣል። መጨረሻ ላይ በጽሑፍ ብናስቀምጠው ይበቃል።»

መጨረሻውን ብዙ ሰው አያየውም። በጣም የተጎዳው ደግሞ ቀድሞ ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ በመሐል፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ ይነገር።

ምን እንደሚባል ለማወቅ ወሰኑን ማወቅ ይጠቅማል። አብዛኛው ሐዘን ሕክምና አይፈልግም። ለረጅም ጊዜ የማይለቅ ብርቱ ሐዘን ግን ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ተመዝግቧል። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ቢያንስ 6 ወር ይላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ደግሞ ለአዋቂ ቢያንስ 12 ወር ይላል። ጊዜው ብቻውን አይበቃም። ናፍቆቱ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ሰቅዞ ይዞ የዕለት ኑሮን ማሰናከል አለበት። አራት ወር ለሆናት ተመልካቻችን ይህን ስም መስጠት ስህተት ነው።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ግን ወር አይቆጠርለትም። በግልጽ ይጠራ፦ «መኖር አልፈልግም የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ፤ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ድንገተኛ አደጋ ስልክ ደውሉ።» ስለ ጉዳዩ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። ቪዲዮው የስልክ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ፣ ከመለቀቁ በፊት አንድ ሰው ደውሎ መሥራቱን ያረጋግጥ። ሌሊትም የሚመልስ መሆኑን ይጠይቅ፤ ተመልካቿ የምትደውለው በዚያ ሰዓት ነው።