«ገበያው ተሳስቷል» ከማለታችሁ በፊት

«ቀመሩ ይህ ፑት ዋጋ የለውም ይላል፤ ገበያው ግን አስወድዶታል። ስለዚህ መሸጥ ነው!»

ስንት አዲስ ተንታኝ ይህን እንደነገረኝ መቁጠር ትቻለሁ። ፑት አክሲዮንን አስቀድሞ በተወሰነ ዋጋ የመሸጥ መብት የሚሰጥ ውል፣ ማለትም አንድ የኦፕሽን ዓይነት ነው። ሁሉም የሚይዙት እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣውን፣ የኦፕሽንን ዋጋ የሚያሰላውን የብላክ-ሾልስ ቀመር ነው። ስሌቱ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ የተነሣበት ግምት ነው። ቀመሩ የአክሲዮኑ ቮላቲሊቲ፣ ማለትም ዋጋው የሚዋዥቅበት መጠን፣ ውሉ እስኪያልቅ ድረስ አይለወጥም፣ ዋጋውም ሳይዘል ይንቀሳቀሳል፣ በመጨረሻም ሎግኖርማል ስርጭት፣ ማለትም ሎጋሪዝሙ የደወል ቅርጽ የሚይዝ ስርጭት፣ ይኖረዋል ይላል።

እስቲ እናስላው። አክሲዮኑ ዛሬ 100 ዶላር፣ ዓመታዊ ቮላቲሊቲው 20 በመቶ፣ ወለዱ ዜሮ ይሁን። ከአንድ ወር በኋላ በ85 ዶላር የመሸጥ መብት የሚሰጠው ፑት በቀመሩ 0.004 ዶላር ገደማ ነው፤ ግማሽ ሳንቲም እንኳ አይሞላም። በዚህ ስርጭት ዋጋው በወሩ መጨረሻ ከ85 በታች የመገኘቱ ዕድል 0.27 በመቶ ብቻ ነውና። ይኸው ፑት ገበያ ላይ 0.13 ዶላር ቢጠየቅበት ግን ሙያውን የሚያውቅ ሰው አይደነቅም። ከሠላሳ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ቀመሩ 0.13 እንዲያወጣ ከተፈለገ መግባት ያለበት ቮላቲሊቲ 32 በመቶ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በ100 ዶላር የመሸጥ መብት የሚሰጠው ኦፕሽን 20 በመቶ ይፈልጋል፣ የ85ቱ ደግሞ 32። አክሲዮኑ አንድ ነው፤ ወሩም አንድ ነው። አንድ አክሲዮን በአንድ ወር ውስጥ ሁለት የማይለወጡ ቮላቲሊቲዎች ሊኖሩት አይችልም። ስለዚህ «ያለፈውን መረጃ በደንብ ብንለካ ይስተካከላል» የሚለውም አያስኬድም፤ የፈለገውን ያህል በጥንቃቄ የተለካ አንድ ቁጥር ሁለቱን ዋጋዎች አብሮ ሊያወጣ አይችልም።

ገበያው ይህን የተማረው በመከራ ነው። ኦክቶበር 19 ቀን 1987 (እ.ኤ.አ.) የትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚለካው ኢንዴክስ፣ ኤስ ኤንድ ፒ 500፣ በአንድ ቀን 20.5 በመቶ ወደቀ። ዓመታዊው ቮላቲሊቲ 20 በመቶ ከሆነ የአንድ ቀን መደበኛ ልዩነት 1.26 በመቶ ገደማ ነው፤ ያ ቀን ከዚህ 16 እጥፍ በላይ ነበር። በቀመሩ ዓለም ይህ የማይሆን ነገር ነው። ከዚያ በፊት የኢንዴክስ ኦፕሽኖች ቮላቲሊቲ በየስትራይኩ፣ ማለትም ውሉ በሚወስነው የመሸጫ ወይም የመግዣ ዋጋ፣ ብዙም አይለያይም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን የዝቅተኛ ስትራይኮቹ ከፍ ብሎ ቀረ። ዋጋ ሲወድቅ ቮላቲሊቲም ይነሣል፤ አንዳንዴም ዋጋው መካከል ላይ ሳይቆም ይዘላል። 0.13 ዶላሩ ውስጥ ያለው የዚህ ስጋት ዋጋ ነው።

እኔም ከዚህ ስሕተት ንጹሕ አይደለሁም። ጀማሪ ሳለሁ እንዲህ ዓይነት ፑቶች ለሰባት ወር ሸጬ ሂሳቡን እየሰበሰብኩ ብልህ ነኝ ብዬ ነበር። በስምንተኛው ወር አክሲዮኑ 80 ላይ ዘጋ። በያንዳንዱ 5 ዶላር ከፈልኩ፤ የ38 ወር ሽያጭ ማለት ነው። «አክሲዮኑን ራሱን ሸጬ ኪሳራውን እሸፍነዋለሁ» የሚለው ሐሳቤም አላዳነኝም። የአክሲዮኑ ዋጋ ሲንቀሳቀስ የፑቱ ዋጋ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ የሚነግረው ዴልታ፣ በ20 በመቶ ሲሰላ ለ1000 ፑት 2 አክሲዮን ብቻ ሽጥ ይላል፤ በ32 በመቶ ሲሰላ ግን 35። እኔ ሁለቱን ሸጬ ተኛሁ። ጠዋት ገበያው ሲከፈት ዋጋው ወርዶ ነበር፤ በመንገዱ ላይ ሽፋኔን የማስተካክልበት ጊዜ አልሰጠኝም።

«ሎግኖርማል እኮ ራሱ ረጅም ጅራት አለው።» አለው፤ ግን ወደ ላይ ነው። የፑት ሻጭን የሚያጠፋው ደግሞ ወደ ታች ያለው ነው።

«32 በመቶ ማለት ገበያው ያን ያህል ይዋዥቃል ብሎ ይጠብቃል ማለት ነው።» አይደለም። የፑቱ ዋጋ በሌላ መለኪያ የተጻፈበት ቁጥር ነው፤ ውስጡ ሰው ለመድን ሊከፍል የሚፈልገው ትርፍም አለ።

«እንግዲያው ቀመሩን እንጣለው።» ይህም ሌላው ጫፍ ነው። ነጋዴዎች ቀመሩን ዋጋን ወደ ቮላቲሊቲ መቀየሪያ አድርገው በየቀኑ ይጠቀሙበታል፤ የተለያዩ ስትራይኮችን ለማወዳደር ይመቻልና። ዝላይን የጨመረው የመርተን የ1976 ሞዴልና ቮላቲሊቲ ራሱ እንዲዋዥቅ የፈቀደው የሄስተን የ1993 ሞዴል ስርጭቱን ያሻሽላሉ፤ ግን በየጊዜው ከገበያው ዋጋ ጋር ካልተስተካከሉ እነሱም ያሳስታሉ።

ፑት ከመሸጣችሁ በፊት የእያንዳንዱን ስትራይክ ቮላቲሊቲ በወረቀት ላይ ሣሉት። መስመሩ ወደ ዝቅተኛ ስትራይኮች ሲሄድ ሽቅብ ከወጣ፣ የመሐሉን ቁጥር ወስዳችሁ ጫፉን «ውድ ነው» አትበሉ። ቀጥሎ ዋጋው ነገ ጠዋት 20 በመቶ ወርዶ ቢከፈት፣ በዚያ ሰዓት አንድም አክሲዮን ሳትሸጡ፣ ስንት እንደምትከፍሉ አስሉ። ያ ቁጥር ካስደነገጣችሁ የሸጣችሁት ብዙ ነው።