የጠብታ ሒሳብ፦ የመድኃኒት መጠንና የፍሰት ፍጥነት ስሌት ለፋርማሲና ለነርሲንግ ተፈታኞች

የመድኃኒት መጠን ስሌት በፋርማሲም በነርሲንግም ፈተና ላይ የማይቀር ጥያቄ ነው። ሒሳቡ ራሱ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም። ተፈታኙን የሚጥለው ከሒሳቡ በፊት ያለው ንባብ ነው። ቫያሉ ላይ ምን ተጽፏል? መድኃኒቱ በስንት ሚሊ ሊትር ተበረዘ? አይቪ ሴቱ ለአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ጠብታ ይጥላል? እነዚህ በትክክል ከተነበቡ ቀሪውን ካልኩሌተር ይሠራዋል። ካልተነበቡ ግን ካልኩሌተሩ የተሳሳተውን ቁጥር በፍጥነት ያወጣል፣ ያ ቁጥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከምርጫዎቹ መካከል ተቀምጦ ይጠብቃል።

ከቀላሉ እንጀምር። ለአንድ ሕመምተኛ 1000 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን በ8 ሰዓት እንዲገባ ታዘዘ። ፓምፕ የለም። አይቪ ሴቱ ማሸጊያው ላይ «20 ጠብታ = 1 ሚሊ ሊትር» ይላል። በደቂቃ ስንት ጠብታ ይሁን?

8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። ፈሳሹን በጠብታው ቁጥር ማባዛት፣ ለደቂቃው ማካፈል ነው፦

1000 × 20 ÷ 480 = 41.67

ጠብታ አይከፈልምና 42 ይባላል። ሰዓት ይዞ ለሚቆጥር ሰው በግማሽ ደቂቃ 21 ጠብታ ማለት ነው።

ይህንኑ በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። 1000ን ለ8 ብናካፍል በሰዓት 125 ሚሊ ሊትር ይመጣል። በ20 ጠብታ ሴት ላይ በሰዓት የሚገባውን ሚሊ ሊትር ለ3 ማካፈል በቂ ነው፣ ምክንያቱም 60 ደቂቃን ለ20 ስናካፍል 3 እናገኛለን። 125 ለ3 ሲካፈል ያው 41.67 ነው። ሴቱ ባለ 15 ጠብታ ከሆነ ለ4 ይካፈላል። ማይክሮድሪፕ የሚባለው ባለ 60 ጠብታ ከሆነ ደግሞ ለ1 ነው፤ ማለትም በሰዓት የሚገባው ሚሊ ሊትርና በደቂቃ የሚወርደው ጠብታ አንድ ቁጥር ይሆናሉ። ለፈተና አንድ ነገር ብቻ በቃል ይያዝ ቢባል እኔ ይህንን እመርጣለሁ።

ፈተናው እዚህ ላይ አያቆምም፤ የተጓተተ ፈሳሽ ያመጣል። ከ3 ሰዓት በኋላ ከረጢቱ ውስጥ 700 ሚሊ ሊትር ቀርቷል። በዕቅዱ መሠረት መቅረት የነበረበት 625 ነው። ሕመምተኛው ክንዱን አጥፎ ተኝቶ ይሆናል፣ ወይም መቆጣጠሪያው ጎማ ሸርተት ብሏል። በቀረው 5 ሰዓት እንዲያልቅ አዲሱ ፍጥነት፦

700 × 20 ÷ 300 = 46.67፣ ማለትም 47 ጠብታ

ከ42 ወደ 47 መሄድ ቀላል ለውጥ ነው። ብዙ መማሪያዎች ለውጡ ከ25 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ሕመምተኛው የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ካለበት፣ መልሱ «ፍጥነቱን ጨምር» ሳይሆን «ሐኪሙን አማክር» ነው። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ መልሱ የሚሳሳተው እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዱቄት መድኃኒት እንለፍ። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ለከባድ ወባ የሚሰጠው አርቴሱኔት ነው። ክብደቱ ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ በኪሎ 3 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ለሆነ በኪሎ 2.4 ሚሊ ግራም ይሰጣል። 60 ሚሊ ግራም የያዘው ቫያል መጀመሪያ አብሮት በሚመጣው 1 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ባይካርቦኔት ይሟሟል። ከዚያ በደም ሥር ለመስጠት 5 ሚሊ ሊትር፣ በጡንቻ ለመስጠት 2 ሚሊ ሊትር ሳላይን ይጨመርበታል።

18 ኪሎ የሚመዝን ልጅ መጣ እንበል። 18 በ3 ሲባዛ 54 ሚሊ ግራም ነው፣ አንድ ቫያል ይበቃዋል። በሲሪንጅ ስንት ይቀዳ? በደም ሥር ከሆነ ቫያሉ ውስጥ ያለው በጠቅላላ 6 ሚሊ ሊትር ነው፤ 60 ለ6 በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይሰጠናል። 54 ለ10 ሲካፈል 5.4 ሚሊ ሊትር። በጡንቻ ከሆነ ጠቅላላው 3 ሚሊ ሊትር ስለሆነ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም አለ፤ መልሱ 2.7 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ልጁ ያው ነው፣ መድኃኒቱም ያው ነው፤ የሚቀዳው ግን በእጥፍ ይለያያል።

የተለመደው ስህተት የባይካርቦኔቱን 1 ሚሊ ሊትር መርሳት ነው። 60ን ለ5 ያካፈለ ሰው በሚሊ ሊትር 12 ሚሊ ግራም አለ ብሎ 4.5 ሚሊ ሊትር ይቀዳል። ልጁ 54 ሳይሆን 45 ሚሊ ግራም ያገኛል። «ስንት ተጨመረ» እና «በጠቅላላ ስንት ሆነ» ለየቅል ናቸው፣ ጥያቄ አውጪዎችም ይህን በደንብ ያውቁታል። ዋርድ ላይ ከመድኃኒቱ ጋር የሚሠራበት መመሪያ ውጤቱን ወደ ቀጣዩ ሙሉ ሚሊ ሊትር ያስጠጋል፣ ስለዚህ 5.4 እዚያ 6 ይሆናል። ፈተናው ላይ ግን ጥያቄው አስጠጉ ካላለ 5.4 ይጻፋል። አንድ የሚገርም ነገርም አለ፦ በዚህ ቀመር 19 ኪሎ የሆነ ልጅ 57 ሚሊ ግራም፣ 21 ኪሎ የሆነው ደግሞ 50.4 ሚሊ ግራም ያገኛል። ከባዱ ልጅ ያነሰ ደረሰው ብሎ መልሱን የሚሰርዝ ተፈታኝ ትክክለኛውን እየሰረዘ ነው።

በመቶኛ የሚጻፍ መድኃኒት ለፋርማሲ ተፈታኞች የታወቀ ወጥመድ ነው። ማግኒዚየም ሰልፌት ለኤክላምፕሲያ ሲሰጥ አምፑሉ ላይ «50%» ይላል። ይህ ማለት በ100 ሚሊ ሊትር 50 ግራም፣ ስለዚህ በ1 ሚሊ ሊትር ግማሽ ግራም ነው። መነሻው 4 ግራም በደም ሥር ሲሆን መጠኑ ወደ 20% መበረዝ አለበት። 4 ግራም ከ50%ው 8 ሚሊ ሊትር ነው። በ20% ደግሞ 4 ግራም 20 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ስለዚህ የሚጨመረው ውሃ 12 ሚሊ ሊትር ነው። 20 የሚለው ምርጫ ወረቀቱ ላይ ይኖራል፤ እሱ የሚጨመረው ሳይሆን የጠቅላላው ልክ ነው። ለማረጋገጥ 50 × 8 = 400፣ 20 × 20 = 400። ሁለቱ እኩል ካልመጡ አንድ ቦታ ተሳስተናል።

ብዙ ሰው የሚፈራው በኪሎ በደቂቃ የሚታዘዘውን ነው። ዶፓሚንን እንውሰድ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሕመምተኛ በኪሎ በደቂቃ 5 ማይክሮ ግራም ታዞለታል። አንድ አምፑል፣ 200 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር፣ ከ250 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሏል። መጀመሪያ ከከረጢቱ 5 ሚሊ ሊትር ስለተቀነሰ ጠቅላላው 250 ነው።

ከረጢቱን አስቀድመን እንጨርሰው። 200 ሚሊ ግራም 200,000 ማይክሮ ግራም ነው፤ ለ250 ሲካፈል በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 800 ማይክሮ ግራም አለ። ከዚያ ወደ ሰውየው። 5 × 60 = 300 ማይክሮ ግራም በደቂቃ። በሰዓት 300 × 60 = 18,000 ማይክሮ ግራም። አሁን ማገናኘት ነው፦

18,000 ÷ 800 = 22.5 ሚሊ ሊትር በሰዓት

በስሌቱ ውስጥ 60 ሁለት ጊዜ መጣ፤ አንዴ ክብደት ሆኖ፣ አንዴ ደቂቃ ሆኖ። ጥያቄ አውጪ 60 ኪሎ የሚመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከየቁጥሩ ጎን መለኪያውን የማይጽፍ ተፈታኝ አንዱን 60 «ቀድሜ አባዝቼዋለሁ» ብሎ ይተወዋል፣ መልሱም 0.375 ይመጣል። ከከረጢት በሰዓት ግማሽ ሚሊ ሊትር እንኳን አይሞላም ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ቁጥር ሲወጣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ነው።

ፓምፕ ካለ 22.5 ይሞላበታል። ዶፓሚን በፓምፕ ቢሰጥ ይመረጣል። ከሌለ በማይክሮድሪፕ በደቂቃ 22 ወይም 23 ጠብታ ይሆናል፤ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ስላለብን ወደ ታች አስጠግተን 22 እንላለን። በ20 ጠብታ ሴት ከሆነስ? 22.5 ለ3 ሲካፈል 7.5 ጠብታ በደቂቃ ነው። በየ8 ሰከንዱ አንድ ጠብታ። በእጅ እየተቆጣጠሩ ይህን ማስተካከል በጣም ያስቸግራል፤ አንድ ጠብታ ቢጨምር እንኳ መጠኑ በ13 በመቶ ገደማ ይዘላል። ማይክሮድሪፕ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

የባሰው ሁለቱ ሲምታቱ ነው። ለማይክሮድሪፕ የተሰላውን 22 ጠብታ በ20 ጠብታ ሴት ላይ ያስተካከለ ሰው በሰዓት 66 ሚሊ ሊትር ያስገባል። ሕመምተኛው በኪሎ በደቂቃ 5 ሳይሆን ወደ 15 ማይክሮ ግራም ያገኛል። የልብ ምቱ ይፈጥናል፣ ደም ግፊቱ ይወጣል። ወረቀቱ ላይ ያለው ስሌት ግን አንድም ስህተት የለበትም።

እስኪ ሦስት ጥያቄዎች። መልሱን ሳታዩ ሞክሩት።

አንደኛው፦ 500 ሚሊ ሊትር በ4 ሰዓት፣ በ15 ጠብታ ሴት። በሰዓት 125 ሚሊ ሊትር ነው፣ ለ4 ሲካፈል 31.25፤ ስለዚህ በደቂቃ 31 ጠብታ።

ሁለተኛው፦ 9 ኪሎ ለሆነ ሕፃን ጄንታማይሲን በኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ታዘዘ፤ ያለው 80 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር ነው። መጠኑ 67.5 ሚሊ ግራም ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ሚሊ ግራም ስላለ 1.6875 ይመጣል፤ በሲሪንጅ 1.7 ሚሊ ሊትር ይቀዳል። ማስጠጋቱ መጨረሻ ላይ ብቻ ይሁን፤ 67.5ን መሐል ላይ 70 ያደረገ ሰው 1.75 ያገኛል፣ ከምርጫዎቹ አንዱም ይህ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የተገላቢጦሽ ነው። ያው የዶፓሚን ከረጢት 75 ኪሎ ለሆነ ሕመምተኛ በሰዓት 45 ሚሊ ሊትር እየገባ ነው። በኪሎ በደቂቃ ስንት እያገኘ ነው? 45 × 800 = 36,000 ማይክሮ ግራም በሰዓት። ለ60 ሲካፈል 600 በደቂቃ። ለ75 ሲካፈል 8 ማይክሮ ግራም በኪሎ በደቂቃ። ተረኛ ነርስ ሥራ ስትረከብ ፓምፑ ላይ የምታየው 45ን ነው፣ ካርዱ ላይ የምታነበው ደግሞ 8ን፤ ሁለቱ መግጠማቸውን የምታውቀው በዚህ ስሌት ነው።