የላላ ትውውቅ ምንድን ነው? ልምድ ለሌለው ተመራቂስ ምን ይሠራል?

«የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ደብረ ማርቆስ ያለ የባች ግሩፕ ሁሉ ወዲያው ያየዋል። አንዱ ቴሌግራም ላይ ይለጥፈዋል፣ የቀረው ተሰልፎ ያመለክታል። የዶርም ጓደኛ ቢወድህም የሚያውቀው አንተ የምታውቀውን ነው። አዲስ ወሬ የሚመጣው ሌላ ቦታ ከሚውል፣ አልፎ አልፎ ብቻ ከምታገኘው ሰው ነው። የላላ ትውውቅ የሚባለው ይህ ነው።

ሐሳቡን ያስፋፋው ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ምሁር ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል መረጃውን የሰጣቸውን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 17 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። የቀሩት የሚያገኙት አንዳንዴ ወይም ከስንት አንዴ ነበር።

ልብ በሉ፣ እነዚያ ሰዎች ሥራ የቀየሩ ናቸው። ስማቸው ቀድሞ በሥራ ታውቋል። ገና የተመረቀ ልጅ ይህ የለውም። ስለዚህ ለእሱ ትውውቁ መላላቱ ብቻ አይበቃም፤ ያ ሰው ሲሠራ ያየው መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ የሚገኘው ኢንተርንሺፕ ላይ ነው።

አንዲት የሲቪል ምህንድስና ተመራቂ እናስብ። ቤተሰቦቿ ብቸና ናቸው። ኢንተርንሺፕ የወጣችው ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የሕንፃ ሳይት ላይ ነው። ብዙ ተለማማጅ ሳይት ላይ ቆሞ ይውልና ሪፖርቱን ካለፈው ባች ይገለብጣል። እሷ ግን ኦፊስ ኢንጂነሩን «ቴክኦፍ ላግዝዎት?» አለችው። ቴክኦፍ የሥራውን መጠን ከፕላን ላይ ለክቶ ማውጣት ነው። የብሎኬት ግድግዳ ልኬት ሰጣት። 6 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ግድግዳ 18 ካሬ ተብሎ ተመዝግቧል። ግድግዳው ላይ ግን 0.9 በ2.1 የሆነ በርና 1.5 በ1.2 የሆነ መስኮት አለ። ሁለቱ ሲቀነሱ 14.31 ካሬ ነው የሚሆነው። ይህንን ለይታ አሳየችው። ስሟን ቢረሳ እንኳ ይህንን አይረሳም።

ሳይት ሲያልቅ ሰው ይበተናል። ኢንጂነሩ ፍኖተ ሰላም፣ ፎርማኑ ዳንግላ፣ ሰርቬየሩ ደጀን ሊሄድ ይችላል። ለፈላጊው ጥሩ ነው፤ አንድ ሳይት ላይ የተዋወቃቸው ሰዎች በዓመቱ ብዙ ሳይት ላይ ናቸው። የሚያስፈልገው ከመለያየት በፊት ስልካቸውን መያዝ ነው። የኩባንያውን የቢሮ ስልክ ሳይሆን የራሳቸውን።

ከተመረቀች በኋላ እንዲህ ጻፈችለት፦ «ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። አምና ማርቆስ ሳይት ላይ የብሎኬት ልኬት አብሬዎት የሠራሁት ተለማማጅ ነኝ። አሁን ተመርቄያለሁ። ኳንቲቲ ሰርቬይንግ ላይ መጀመር እፈልጋለሁ። በዚህ አካባቢ ቴክኦፍ የበዛበት ሳይት የት እንደሆነ ይጠቁሙኛል?»

መልእክቱ ማን እንደሆነች ያስታውሳል፣ የምትፈልገውን ለይቶ ይናገራል፣ የሚጠይቀውም መልስ ያለው ጥያቄ ነው። «ሥራ ካለ አስቡኝ» ብትል ኖሮ ሰውየው «እሺ» ብሎ ይረሳው ነበር። «እሺ» ብቻ ከተመለሰ መልእክቱ አልሠራም ማለት ነው። ጥያቄ ከተመለሰ ግን ሰውየው እያሰበላችሁ ነው። ለእሷ የመጣው «እኔ ጋ የለም፤ ቡሬ ያለ ጓደኛዬ ሰው ይፈልጋል። አውቶካድ ትችያለሽ?» የሚል ነበር።

አስተማሪም እንደዚሁ ነው። መቶ ተማሪ ባለበት ክፍል ያስተማረ መምህር አያስታውሳችሁም። የመመረቂያ ፕሮጀክት አድቫይዘራችሁ ግን ረቂቃችሁን አርሟል። የድጋፍ ደብዳቤ ስትጠይቁ የፕሮጀክቱን ርዕስ፣ የእናንተን ድርሻና የማመልከቻውን ቀን ጽፋችሁ፣ ቢያንስ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ላኩለት። አለዚያ ለማንም የሚሆን ደብዳቤ ነው የሚጽፍላችሁ፤ ቀጣሪም ያውቀዋል።

ከክፍል ልጆች ደግሞ ለዚህ የሚጠቅሙት የመውጫ ፈተና አብረው ያጠኑት ናቸው። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ ከሆነ ወዲህ፣ ከሌላ ዶርም የመጡ ልጆች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ባሕር ዳር፣ ሌላው እንጅባራ ይገባል። ሥራ ሲጀምሩ አንድ ጊዜ ደውሎ «እንዴት ነው ሥራው? የቅጥር ፈተናው ምን ላይ ነበር?» ማለት ነውር የለውም። ያኔ ትዝታው ትኩስ ስለሆነ በደንብ ይነግሯችኋል።

ይህ ሁሉ ግን ዘመድ ከመፈለግ ይለያል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጥር በማስታወቂያና በፈተና ነው፤ እዚያ ትውውቅ የሚጠቅመው ማስታወቂያው መውጣቱን ቶሎ ለመስማት ብቻ ነው። ትንንሽ ተቋራጮችና የግል ድርጅቶች ግን ብዙ ጊዜ ሳያስታውቁ «ሰው አምጣልኝ» ነው የሚሉት። ቡሬም ቢሆን ልጅቷን ቁጭ አድርገው አንድ ፕላን ሰጥተው ያስለኳታል። ኢንጂነሩ ያደረገላት ያ ፕላን እጇ እንዲገባ ነው።