ፕሮቡ ለምን ይጫናል? ጄሉስ ለምንድን ነው? ስለ አልትራሳውንድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አልትራሳውንድም ያው ራጅ ነው፤ ጨረር አለው።»

የለውም። በእጃችን የምንይዘው ፕሮብ የሚልከው ድምፅ ነው። የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ 20,000 ንዝረት ድረስ ይሰማል። ፕሮቡ ግን ለሆድ ምርመራ ከ2 እስከ 5 ሚሊዮን ንዝረት ይልካል። ስለዚህ ማንም አይሰማውም።

ገደል አፋፍ ላይ ቆማችሁ ጮኻችሁ ታውቃላችሁ? ማዶው ቅርብ ከሆነ ድምፃችሁ ወዲያው ይመለሳል። ሩቅ ከሆነ ይዘገያል። አልትራሳውንድ የሚሠራው በዚሁ በገደል ማሚቶ ነው። ፕሮቡ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ክሪስታሎች ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው ይንቀጠቀጡና በጣም አጭር ድምፅ ይልካሉ። ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት በማዳመጥ ነው።

ድምፅ በሥጋችን ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ወደ ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር ሄዶ ለመመለስ 13 ማይክሮ ሰከንድ ይበቃዋል፤ ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮነኛ ነው። እንግዲህ ማሚቶው በ78 ማይክሮ ሰከንድ ተመለሰ እንበል። መሣሪያው 78ን ለ13 ያካፍልና 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ነጥብ ያስቀምጣል። ማሚቶው ኃይለኛ ከሆነ ነጥቡ ነጭ ይሆናል፣ ደካማ ከሆነ ግራጫ። በዚህ መንገድ አንድ መስመር ይሞላል፣ ቀጥሎ ጎኑ ያለው መስመር፣ ቀጥሎ ሌላው። ከመቶ በላይ መስመር ሲደረደር አንድ ምስል ይወጣል። ይህ ሁሉ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም የፅንሱ ልብ ሲመታ በዓይናችን እናየዋለን።

«ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነገር አየሁ፤ መጥፎ ነገር ሳይሆን አይቀርም።»

ጥቁር ማለት ከዚያ ቦታ ማሚቶ አልመጣም ማለት ነው። ሽንት፣ ሀሞት፣ የሽርት ውሃ ወጥ ፈሳሽ ስለሆኑ ድምፁን የሚያነጥር ነገር የላቸውም። ጤነኛ የሽንት ፊኛም ሲሞላ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው።

«ጄሉ ፕሮቡ እንዲንሸራተት ነው፤ ቅባትም ቢሆን ይሠራል።»

ማንሸራተቱ ትርፍ ጥቅሙ ነው። ዋናው ሥራው አየርን ማስወጣት ነው። ድምፅ ከሥጋ ወደ አየር ሲደርስ ከ1,000 እጅ 999ኙ ወደ መጣበት ይመለሳል። በፕሮቡና በቆዳው መካከል እንደ ወረቀት የሳሳ አየር ቢቀር እንኳ ወደ ሆድ የሚገባ ድምፅ የለም ማለት ይቻላል። ጄሉ አብዛኛው ውሃ ነው። ለድምፅ ከሥጋ ብዙም ስለማይለይ ድምፁ ሳይነጥር ያልፋል። ታዲያ ውሃ ብቻ ቢሆንስ? ድምፁን ያሳልፋል፤ ግን ወዲያው ይፈስና ይደርቃል። የቅባት ችግሩ ደግሞ የፕሮቡን ፊት ቀስ በቀስ ማበላሸቱ ነው።

ጄሉ ሲያንስ ምስሉ ራሱ ይናገራል። ከላይ፣ ከቆዳው ጀምሮ እስከ ታች የወረደ ጥቁር ሰንበር ይታያል። ፀጉራም ደረት ላይ ይህ በብዛት ያጋጥማል፤ አየሩ በፀጉሩ መሀል ይታሰራል። ጀማሪ ባለሙያ ይህን የሀሞት ጠጠር ድምፁን ዘግቶ ከሥሩ ከሚጥለው ጥቁር ጥላ ጋር ሊያምታታው ይችላል። መለያው ጥላው የሚጀምርበት ቦታ ነው። የጠጠር ጥላ የሚጀምረው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከሚያበራ ነጭ ቅስት ሥር ነው። የጄል እጥረት ጥላ ግን ከቆዳው ይነሳል፣ ፕሮቡንም ተከትሎ ይሄዳል። ጄል ጨመር ሲደረግ ከጠፋ መልሱ ታወቀ።

«ባለሙያው ሲጫነኝ አመመኝ፤ ቀስ ቢል ምን ነበረበት?»

አንዳንዴ ምርመራው ራሱ መጫኑ ነው። በቅርቡ የወለደች እናት ግራ እግሯ አብጦ መጣች እንበል። ጥያቄው በእግሯ ጥልቅ ደም መልስ ውስጥ ደም ረግቷል ወይ የሚለው ነው። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወት ያጠፋል።

ፕሮቡ ብሽሽቷ ላይ ያርፋል። ስክሪኑ ላይ ሁለት ጥቁር ክቦች ጎን ለጎን ይታያሉ። አንዱ ደም ቅዳ፣ አንዱ ደም መልስ ነው። ትኩስ የረጋ ደም ራሱ ጥቁር ሊሆን ስለሚችል በማየት ብቻ አይለይም። ስለዚህ ፕሮቡን ቀጥ አድርገን ወደ ታች እንጫናለን። ጤነኛ ደም መልስ ግድግዳው ስስ ነው፣ በውስጡ ያለው ግፊትም ትንሽ ነው። እንደ ባዶ ፌስታል ጥፍት ይልና ሁለቱ ግድግዳዎች ይገናኛሉ። ደም ቅዳው ግን ክብነቱን ይይዛል።

ምን ያህል መጫን ነው? ደም ቅዳው ትንሽ መጨፍለቅ እስኪጀምር። እዚያ ደርሰን ደም መልሱ አሁንም ካልተዘጋ ውስጡ የረጋ ደም አለ። ፕሮቡን በ1 ወይም በ2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያደረግን ይህንኑ እንደግማለን፤ ከጉልበት ጀርባም እንዲሁ። ለስለስ ብለን ብናልፍ ጤነኛው ራሱ ሳይዘጋ ይቀርና በሌለ በሽታ መድኃኒት ልናስጀምራት እንችላለን። የረጋ ደም ከተገኘ ደግሞ እዚያው ቦታ ደጋግሞ መጫን ይቆማል።

ይህ ዘዴ ወሰን አለው። ዳሌ ውስጥ ያለውን ደም መልስ ተጭኖ መዝጋት አይቻልም፤ የባት ትንንሽ ደም መልሶችም ያስቸግራሉ። ለዚህ ነው ውጤቱ «የለም» ተብሎ እብጠቱ ሲቀጥል ሐኪሙ ከሳምንት በኋላ ተመለሱ የሚለው።

ሆድ ላይ መጫን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ የአንጀት አየር ነው። በጄል ያስወጣነው አየር በሆድ ውስጥም አለ፣ የአንጀት ጋዝ ሆኖ። ትርፍ አንጀት ስንፈልግ ፕሮቡን ቀስ በቀስ እያጠበቅን ጋዙን ወደ ጎን እንገፋዋለን። ጤነኛ አንጀት ይጨፈለቃል፤ የተቆጣ ትርፍ አንጀት ግን እንደ ጣት ደድሮ ይቀራል። ይህን ዘዴ የኔዘርላንዱ ራዲዮሎጂስት ፑይላርት በ1986 አሳትሞ አሳወቀው። በድንገት ከተጫንን ታካሚው ሆዱን ያጠነክራል፣ ምንም አይታይም። ቀስ ማለት የግድ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው።

«እንግዲያው ጠንከር አድርጎ መጫን ሁልጊዜ ይሻላል።»

አንገት ላይ ያለን ደም መልስ ትንሽ ብንጫነው ከስክሪኑ ይጠፋል፤ የሌለ ይመስላል። ጉልበት ውስጥ ያለ ጥቂት ፈሳሽም ተገፍቶ ከፕሮቡ ሥር ይሸሻል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጄሉን ወፍራም አድርገን እናፈስና ፕሮቡን ጄሉ ላይ እናስቀምጠዋለን። ክብደቱን የምትሸከመው ታካሚው ቆዳ ላይ የምታርፈው ትንሿ ጣታችን ናት።

ሀሞት ከረጢት ላይ ስንሆን ደግሞ «እዚህ ነው ይበልጥ የሚያምዎት?» ብለን እንጠይቃለን። ፕሮቡ ልክ ከረጢቱ ላይ ሲጫን ሕመሙ ከሌላው ቦታ ከባሰ፣ ከረጢቱ መቆጣቱን ከሚያሳዩ ምልክቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ጥርስ ነክሶ ዝም ማለት አይጠቅምም፤ የት ጋ እንዳመማችሁ ንገሩን። ከመምጣታችሁ በፊት ማስታገሻ ወስዳችሁ ከሆነ ደግሞ ያንንም ጨምሩበት፤ ማስታገሻው ሕመሙን ስለሚደብቅ ምልክቱን ማመን ያስቸግራል።